102 በመቶ፦ ለአንዲት ጁኒየር መሐንዲስ የጻፍኩት ሪኮመንዴሽን

በነሐሴ 2014 መጀመሪያ ላይ በሥሬ የምትሠራ አንዲት ጁኒየር መሐንዲስ ቢሮዬ ገብታ የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ጠየቀችኝ። ያኔ በደቡብ ኢትዮጵያ በሚሠራ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ የአማካሪው ድርጅት ሬዚደንት ኢንጂነር ነበርኩ። እሷ ረዳት ማቴሪያል ኢንጂነር ስትሆን እኔ ጋ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ማመልከት የፈለገችው ጀርመን አገር ለሚሰጥ የመሠረተ ልማት ማስተርስ ነው፤ ወጪውን እንዲሸፍንላት ያሰበችው ደግሞ የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ በተለምዶ ዳአድ የምንለው፣ ኢፖስ በተባለው ፕሮግራሙ ነው። ኢፖስ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ስለሚፈልግ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከሚመጣው ደብዳቤ ሌላ ከአሠሪ የተጻፈም ይጠይቃል። የአሠሪው ደብዳቤ የድርጅቱ ሄድፔፐር ላይ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ያረፈበት መሆን አለበት።

እኔም ሁላችንም የምንለውን አልኳት። «ረቂቁን አንቺው ጻፊውና አምጪልኝ፣ እፈርማለሁ።»

በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ይዛ መጣች። እስክሪብቶ አንስቼ ማንበብ ጀመርኩ። ታታሪ ናት፤ ታማኝ ናት፤ ከሰው ጋር ተግባብታ ትሠራለች፤ የሥራ ጫና ትቋቋማለች፤ አዲስ ነገር ቶሎ ትማራለች፤ «ያለ አንዳች ማመንታት» ድጋፌን እሰጣታለሁ። አንዱም ውሸት አልነበረም። ግን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ዐረፍተ ነገሩን የማውቀው መሰለኝ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ባለፈው ዓመት ለሌላ ልጅ የፈረምኩትን ፈለግሁ። ከስሙ በቀር ቃል በቃል አንድ ነበር። ልጆቹ አንድ ረቂቅ እየተቀባበሉ ያስፈርሙኝ ኖሯል፤ እኔም ሳላነብ ስፈርም ኖሬያለሁ። የቀደመው ልጅ የስትራክቸር መሐንዲስ ነው፤ ይቺ የምትውለው አፈርና ጠጠር ስትፈትን ነው። በደብዳቤዋ ውስጥ ግን አፈር የሚል ቃል የለም።

«የፕሮክተሩ ነገርስ የታለ?» አልኳት።

«ኢንጂነር፣ እሱን እኔው ስለ ራሴ ብጽፈው ጉራ ይመስልብኛል» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እሷ የምትጽፈው ደብዳቤ ቢበዛ ጨዋ ይሆናል እንጂ ምስክርነት አይሆንም። ያየሁት እኔ ነኝ፤ መናገር ያለብኝም እኔ ነኝ። ወረቀቱን አስቀመጥኩትና አምስት ቀን እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት።

የፕሮክተሩ ነገር እንዲህ ነው። በኅዳር 2014 ሰሌክት ማቴሪያል የምንለውን የተመረጠ አፈርና ጠጠር እያነጠፍን ነበር። አንድ ንብርብር ተነጥፎ፣ በቦቴ ውኃ ጠጥቶ፣ በሮለር ከተጠቀጠቀ በኋላ ላቦራቶሪው ሜዳ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ደረቅ ጥግግቱን ይለካል። ያ ቁጥር ላቦራቶሪ ውስጥ በፕሮክተር ፈተና ለተገኘው ከፍተኛ ደረቅ ጥግግት ይካፈልና በመቶኛ ይጻፋል። በውላችን ለዚህ ንብርብር የሚፈለገው ቢያንስ 95 በመቶ ነበር። በዚያ ሳምንት በአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ውስጥ ዘጠኝ ቦታ ተለክቶ ዘጠኙም ከ98 እስከ 103 በመቶ መጣ። ኮንትራክተሩ ደስ አለው፤ ቀጣዩን ንብርብር ለማንጠፍም ፈቃድ ጠየቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

እሷ ግን ፎርሙን አልፈረመችም። ከመቶ በላይ መምጣቱ ብቻውን ስህተት ማለት አይደለም፤ ከባድ ሮለር ላቦራቶሪ ውስጥ ከሚመታው መዶሻ በላይ ጉልበት ሊያሳርፍ ይችላል። እሷን የከነከናት ሌላ ነው። ሮለሩ ያው ነው፣ የምልልሱ ቁጥር ያው ነው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ግን በዚያው አሠራር ይገኝ የነበረው 96 አካባቢ ነበር። ሮለሩ ካልተለወጠ የተለወጠው አፈሩ ነው ብላ ማቴሪያሉ ተቆፍሮ የሚወጣበት ቦሮው ድረስ ወረደች። ኤክስካቫተሩ ከድሮው ቦታ ለቅቆ ወደ ኮረብታው ሌላኛው ጎን ዞሯል፤ እዚያ የሚወጣው ማቴሪያል ድንጋይ ይበዛበታል። ላቦራቶሪው የሚያካፍልበት ቁጥር ግን ከድሮው ጎን በተወሰደ ናሙና የተገኘው ነበር፤ 1.84 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር።

ከአዲሱ ጎን ናሙና አስወስዳ ፕሮክተር አሠራች፤ 1.97 መጣ። እንግዲህ ሜዳ ላይ 1.85 የተለካበት ቦታ በድሮው ቁጥር ሲካፈል 100.5 በመቶ ነበር፤ በአዲሱ ሲካፈል 93.9 ሆነ። ከዘጠኙ ቦታዎች አምስቱ ከ95 በታች ወረዱ። አምስቱ ቦታዎች በግሬደር ተቧጥጠው፣ እንደገና ውኃ ጠጥተው ተጠቀጠቁ። ሁለት ቀን ፈጀ። ቀጣዩ ንብርብር ከላይ ተነጥፎ ቢሆን ኖሮ ሁለት ቀን የሚለው ወሬ ባልኖረ፤ ወይ ሁሉንም ማፍረስ ነው፣ አለዚያም ዝም ብሎ የክረምቱን ዝናብ መጠበቅ።

ይህን በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ልጽፍ ስቀመጥ አንድ ነገር ከለከለኝ። በደብዳቤ ላይ የሰፈረ ቁጥር ሊጠየቁበት የሚችል ቁጥር ነው። ወደ ላቦራቶሪው ኮንቴይነር ሄጄ የኅዳርን ፋይል አወጣሁ። በትዝታዬ ሦስት ፕሮክተር በገዛ እጇ ሠርታለች። ፋይሉ ላይ ያለው ሁለት ነው። የመታውም ቴክኒሻኑ ነው፤ በሳይቱ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው። በትልቁ ሞልድ አምስት ንብርብር፣ በየንብርብሩ 56 ምት፣ ለአንድ ፕሮክተር ደግሞ ይህን በተለያየ የውኃ መጠን አምስት ጊዜ መደጋገም ነው። እሷ ናሙናው ከየት እንደሚወሰድ ወስናለች፣ ስሌቱን ሠርታለች፣ «አረጋግጫለሁ» በሚለው ቦታ ፈርማለች።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን እንደ ትዝታዬ ብጽፈው ኖሮ በመጀመሪያ ጋሼን በደልኩ። ከዚያ ደግሞ እሷን አጋለጥኩ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ «በእጅሽ ስትሠሪው ምን አስቸገረሽ?» ቢሏት ወይ እኔን ማስተባበል ነው ወይ መዋሸት። ዘጠኙንም የሜዳ ውጤቶች ከፋይሉ ገለበጥኳቸው። የፕሮጀክቱንና የኮንትራክተሩን ስም ላለመጥራት ወሰንኩ፤ ቁጥሮቹን ለመጠቀም ደግሞ የድርጅታችንን ሥራ አስኪያጅ አስፈቀድኩ።

ደብዳቤው የተላከው በእንግሊዝኛ ነው። ዋናውን ክፍል ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ።

> አመልካቿን ከመስከረም 2013 ጀምሮ በየቀኑ በሥራ ላይ አውቃታለሁ፤ የቅርብ አለቃዋ ነኝ። ባለፉት 11 ዓመታት በዚህ ዓይነት ቅርበት የተቆጣጠርኳቸው ጁኒየር መሐንዲሶች 14 ናቸው።
>
> በኅዳር 2014 ከአንድ የመንገድ ክፍል የተወሰዱ ዘጠኝ የጥግግት ውጤቶች ከ98 እስከ 103 በመቶ ሆነው ቀረቡላት። የሚፈለገው 95 ስለነበር ሁሉም የሚያልፉ ነበሩ። እርሷ ግን በዚያው ሮለርና በዚያው የምልልስ ቁጥር ከሁለት ሳምንት በፊት 96 አካባቢ ይገኝ እንደነበር አስታውሳ ውጤቱን ሳትቀበል ቀረች። ማቴሪያሉ የሚወጣበት ቦታ ድረስ ሄዳ ቁፋሮው ወደ ድንጋያማ ጎን መዞሩን አየች። በእርሷ ጥያቄ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን አዲስ ፈተና ሠራ፤ ማነጻጸሪያው ቁጥር ከ1.84 ወደ 1.97 ከፍ አለ። በአዲሱ ስሌት ከዘጠኙ አምስቱ ወደቁ፤ እነዚያ ቦታዎች እንደገና ተሠሩ። እኔ ራሴ የመጀመሪያዎቹን ውጤቶች አይቼ ለማሳለፍ ዝግጁ ነበርኩ።
>
> ይህን ግኝት በስብሰባ ላይ አልተናገረችውም፤ በግማሽ ገጽ ማስታወሻ ጽፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። በዚያን ጊዜ በብዙ ሰው ፊት መናገር ይከብዳት ነበር። ከየካቲት ወር ጀምሮ የወሩን የማቴሪያል ሪፖርት በስብሰባ ላይ እንድታቀርብ አደረግኋት። የመጀመሪያውን ከወረቀት አነበበች። በሰኔ ወር ግን የኮንትራክተሩ መሐንዲስ ለሚያነሳው ጥያቄ ግራፍ እየሳለች ትመልስ ነበር።
>
> ስለ ምርምር ችሎታዋ ለመመስከር የሚያበቃኝ ነገር አላየሁም፤ ያን መምህሮቿ ቢናገሩት ይሻላል። እኔ ያየሁት የሚያስደስት ቁጥር ሲመጣላት የምትጠይቅ መሐንዲስ መሆኗን ነው።

በአጠቃላይ ከአንድ ገጽ ጥቂት አለፈ። «እኔ ራሴ ለማሳለፍ ዝግጁ ነበርኩ» የሚለውን ጽፌ ሁለት ጊዜ አጥፍቼው ነበር። በመጨረሻ የተውኩት ያለ እሱ ታሪኩ ስለማይገባ ነው። አንባቢው ነገሩ ቀላል እንዳልነበረ የሚረዳው ከእሷ በላይ ልምድ ያለው ሰው ሳያየው እንዳለፈ ሲያውቅ ነው። ስለ ስብሰባው የጻፍኩትንም የሥራ ባልደረባዬ አንብቦ «ለምን ድክመቷን ታወጣለህ?» ብሎኝ ነበር። ድክመቱን ከነተሻሻለበት መንገድና ከነወሩ ከጻፍኩት ግን የሚያሳየው መለወጥ የምትችል ሰው መሆኗን ነው። መሻሻሉን ባላየሁ ኖሮ አልጽፈውም ነበር፤ ያም ሆኖ ስብሰባ ላይ ደፋር ናት ብዬ አልመሰክርም።

ያልጻፍኩትም አለ። የዩኒቨርሲቲ ውጤቷ ከ4 ነጥብ 2.9 ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሁለት ሴሚስተር ክፉኛ ወርዶባታል። አባቷ ታመው ከሆስፒታል ሆስፒታል የምታመላልሳቸው እሷ እንደነበረች ነግራኛለች፤ እኔም አምናታለሁ። ደብዳቤው ላይ እንዳስገባው ስትጠይቀኝ ግን እንቢ አልኳት። ያኔ አላውቃትም ነበር፤ የነገረችኝን መልሼ ብጽፍ ያየሁትንም የሰማሁትንም አንባቢው መለየት ያቅተዋል። ሞቲቬሽን ሌተሯ ላይ በሁለት ዐረፍተ ነገር እንድትጽፈው ነገርኳት፤ ጻፈችው። ቅር እንዳላት ፊቷ ላይ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ልክ ነበርኩ ብዬ አምናለሁ።

ደብዳቤው አለቀ ስል የከፋው ችግር ከሰው ኃይል ክፍል መጣ። ሄድፔፐሩና ማኅተሙ የድርጅቱ እንጂ የእኔ አይደሉም። እነሱ ደግሞ የሚያውቁት አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነው፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል፣ የተቀጠረችበትን ቀን፣ የሥራ መደቧን፣ ደመወዟን፣ የሥራ ግብር መክፈሏን ይዘረዝራል። ያ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው፤ እሱም ያስፈልጋል፤ ግን ሪኮመንዴሽን አይደለም። ሁለቱ ለየብቻ እንዲወጡ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ጠዋት አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ዋልኩ። በመጨረሻ ሪኮመንዴሽኑ በእኔ ፊርማና በድርጅቱ ማኅተም፣ የሥራ ልምዱ በሰው ኃይል ኃላፊው ፊርማ እንዲወጣ ተስማማን። ዳአድ ከተቻለ እንዲያያዝ የሚፈልገውን፣ ስትመለስ ሥራዋ እንደሚጠብቃት የሚያረጋግጥ ወረቀትም ሥራ አስኪያጁ ፈረመላት።

የእንግሊዝኛውን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ተቀብዬ ሳነብ፣ «ከጃንዋሪ 2012 ጀምሮ» ይላል። የተቀጠረችው ጥር 2012 ነው። ጸሐፊዋ ወሩን ተርጉማ ዓመቱን እንዳለ ትታዋለች። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ትክክለኛው ጃንዋሪ 2020 ነው። ትራንስክሪፕቷ ላይ ግን የተመረቀችበት ቀን በፈረንጆቹ ጁላይ 2019 ተብሎ ተጽፏል። ጀርመን ያለ ሰው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ይቺ ልጅ ከመመረቋ ከሰባት ዓመት በፊት መሐንዲስ ሆና ተቀጥራለች ማለት ነው። በጣም ደግ አንባቢ ስህተት ነው ይላል፤ ሌላው የተጭበረበረ ማስረጃ ነው ብሎ ፋይሉን ይዘጋዋል። ምን እንደተፈጠረ የሚነግራትም አይኖርም። እርማቱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ማኅተሙ ያለበት ሰው እስኪመጣ ግን ሁለት ቀን ጠበቅን። እኔም ተመልሼ የራሴን ደብዳቤ አየሁት። በእንግሊዝኛው ላይ «ኖቬምበር 2014» የሚል ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። እኔም ያንኑ ስህተት ሠርቼ ነበር። ኖቬምበር 2021 ብዬ አረምኩና ቀኖቹን በሙሉ አንድ በአንድ በካላንደር አመሳከርኳቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ታኅሣሥ 2015 ላይ፣ ለአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም አመለከተች። እዚያ ማኅተም የሚጠይቅ የለም። ሊንክ በኢሜይል ይመጣል፤ ከፍተው ደብዳቤውን ይጭናሉ። መጀመሪያ የሰጠቻቸው የግል ጂሜይሌን ነበር፤ በድርጅቱ ኢሜይል እንድትቀይረው ነገርኳት፤ ሬዚደንት ኢንጂነር ነኝ የሚለው ሰው እኔ መሆኔን የሚያሳየው እሱ ብቻ ነውና። ከማመልከቻው ውስጥ ያስጨነቃት ደብዳቤውን የማየት መብቷን ትተው እንደሆነ የሚጠይቀው ሳጥን ነው። በአሜሪካ በፈረንጆቹ 1974 የወጣ ሕግ ተማሪ የትምህርት መዝገቡን እንዲያይ መብት ይሰጠዋል፤ አመልካች ግን በፈቃዱ ሊተወው ይችላል። «ልተወው ወይስ አልተወው?» አለችኝ። ተይው አልኳት፤ እንደምታየው ታውቆ የተጻፈ ደብዳቤ ክብደቱ ይቀንሳል። ምን እንደምጽፍ ግን በቃል ነገርኳት፤ የስብሰባውንም ጭምር።

ደብዳቤውን ስጭን ሠንጠረዥ መጣ። አመልካቿን ከሌሎች ጋር አወዳድር፤ ከላይ 5 በመቶ፣ 10 በመቶ፣ 25 በመቶ፣ 50 በመቶ። እጄ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ዓምድ ሄደ፤ ለምወደው ልጅ ከዚያ በታች ምልክት ማድረግ ከበደኝ። ግን ደብዳቤው ላይ 14 ልጆች ተቆጣጥሬያለሁ ብያለሁ። የ14 አምስት በመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። አሥር በመቶ አንድ ሰው ከምናምን ነው፤ ማለትም አንደኛው ብቻ። በጥንቃቄና በቴክኒክ ፍርድ ከ14ቱ አንደኛ ናት፤ ሁለቱንም 10 በመቶ ላይ አደረግኋቸው። በጽሑፍ ከእሷ የተሻሉ ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ 25 በመቶ። በቃል አቀራረብ መካከል ላይ ናት፤ 50 በመቶ። «የምርምር ችሎታ» የሚለው ረድፍ ላይ «ለመገምገም ዕድል አልነበረኝም» የሚል ምርጫ ስለነበረ እሱን መረጥኩ። ሁሉንም 5 በመቶ ላይ ደርድሬው ቢሆን ኖሮ ስብሰባ ላይ መናገር ይከብዳት ነበር የሚለው የራሴ ደብዳቤ ሠንጠረዡን ያፈርሰው ነበር።

አሜሪካ ተቀበሏት፤ ገንዘብ ግን አልሰጧትም፣ ስለዚህ ያ መንገድ ተዘጋ። ከጀርመኑ በኩል በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ተጠራች። ሳይቱ ላይ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ከተማ ወርዳ አንድ ሆቴል ውስጥ ሆና ነው የተጠየቀችው። ማታ ደወለችልኝ።

«ኢንጂነር፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ ምን መሰለዎት? 102 በመቶ ሲመጣ ለምን አልተደሰትሽም አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ወረቀት አንሥቼ ሁለቱን የፕሮክተር ኩርባዎች ሳልኩላቸው። ከዚያ ፈተናውን ራስሽ ነው የሠራሽው ሲሉኝ የመታው ጋሼ ነው፣ እኔ ናሙናውን መርጬ አስልቻለሁ አልኳቸው።»

በሚያዝያ ወር ስኮላርሺፑን ማግኘቷን የሚገልጽ ኢሜይል ደረሳት። አትማው መጀመሪያ የወሰደችው ወደ ላቦራቶሪው ኮንቴይነር ነው፤ ጋሼ እንግሊዝኛውን ስለማያነብ ቆማ አንድ በአንድ ተረጎመችለት።